ያሸነፈውን ማስታወቂያ ይዘን ጻፍን፣ አዲሱ ወደቀ

ችግሩ ይሄ ነው። ሁለት ማስታወቂያ አወዳደራችሁ፤ አንዱ በግልጽ በለጠ። የበለጠውን ይዛችሁ ሦስተኛ ጻፋችሁ። ሦስተኛው ግን ከተሸነፈው እንኳ ያነሰ ስልክ አስደወለ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ቬንቲሌተር የሚሸጥ ወዳጄ አለ። ለሱ 1,200 በራሪ ወረቀት አሳተምን፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት 600። «ሀ» አናቱ ላይ «ቬንቲሌተር በቅናሽ ዋጋ» ይላል። «ለ» ደግሞ «በሙቀት ሲገላበጡ አደሩ?» ብሎ ይጀምራል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል «በ6 ወር ውስጥ ከተበላሸ በአዲስ እንቀይራለን» የሚል መስመር አለው። በሁለቱ ላይ የተለያየ ስልክ ቁጥር አደረግን፤ ያለዚያ ማን የትኛውን አይቶ እንደደወለ አይታወቅም። «ሀ» 34 ሰው አስደወለ፣ «ለ» 62።

እኔ ወዲያው «የሸጠው ሙቀቱ ነው» አልኩ። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ላቡን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ፍራሽ ይዞ ደጅ መውጣቱን ደረደርኩት። ቦታ ሲጠበኝ የ«እንቀይራለን»ን መስመር አወጣሁት። 600 በተንን፣ 29 ሰው ደወለ። ወዳጄ ሳቀብኝ፤ «አቦ፣ ለድሬ ሰው ሙቀት ትነግረዋለህ እንዴ!»

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕድል ነው። ልዩነቱ እንዲሁ የመጣ ቢሆንስ? እኩል ወረቀት ከተበተነ በስልካችሁ ካልኩሌተር ማየት ትችላላችሁ። የሁለቱን ደዋዮች ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በሁለት አባዙት። ልዩነቱ ከዚህ ከበለጠ ማመን ይቻላል። የኛ ድምር 96 ነው፤ የስኩዌር ሩቱ እጥፍ ወደ 20 ይመጣል፤ ልዩነታችን 28 ነው። አለፈ። 19 ለ11 ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱ 8፣ መለኪያው 11 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ተመርኩዞ አዲስ ማስታወቂያ መጻፍ የለም። መበተኑን መቀጠል ነው።

ቀጥሎ አበታተኑን እዩ። እኛ ወረቀቶቹን አንድ «ሀ» አንድ «ለ» እያፈራረቅን ነበር የደረደርናቸው። «ሀ»ን ጠዋት ከዚራ፣ «ለ»ን ማታ ቀፊራ በትነን ቢሆን ኖሮ ያወዳደርነው ሰፈርና ሰዓት እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ቀትር ላይ ድሬ ታሸልባለች፤ ያን ሰዓት የተሰጠ ወረቀት ትራስ ሥር ነው የሚገባው። እዚህ ላይ ግን እኔም ተሳስቻለሁ። ሦስተኛውን ለብቻው፣ በሌላ ሳምንት ነው የበተንኩት። ስለዚህ 29 ከ34 ጋር አይወዳደርም። ምናልባት ወሩ መጨረሻ ስለሆነ ኪስ ደርቆ ይሆናል። አዲስ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቀድሞው አሸናፊ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን መውጣት አለበት።

ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ቦታ ነበር። «ለ» ከ«ሀ» የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ በርዕሱ እና በ«እንቀይራለን»። ፈተናው አጠቃላይ ወረቀቱ እንዳሸነፈ ነገረን፤ የትኛው ቃል እንዳሸነፈ አልነገረንም። እኔ ገምቼ አንዱን አጋነንኩ፣ ሌላውን ጣልኩ። የጣልኩት ምናልባት ሞተሩ ነበር።

እንዴት ይለያል? ወዳጄ ደግነቱ ደዋዮች መጀመሪያ የሚጠይቁትን ደብተር ላይ ይጽፋል። ከ62ቱ 38ቱ ዋጋ ሳይጠይቁ «እውነት ትቀይራላችሁ?» ብለው ነው የጀመሩት። ስለ እንቅልፍ ያነሳ አንድም የለም። ይሄ ማስረጃ አይደለም፤ ቀጥሎ ምን መፈተን እንዳለበት የሚጠቁም ፍንጭ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን «ለ» እንዳለ መለስነው። ከጎኑ አንድ አዲስ አቆምን፤ መስመሮቹ ያው፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ የተገለበጠ። «ከተበላሸ በአዲስ እንቀይራለን» አናት ላይ ወጣ፣ ሙቀቱ ከሥር ወረደ። አሁንም 600፣ 600፣ እያፈራረቅን። አሮጌው 41፣ አዲሱ 70። ድምሩ 111፣ መለኪያው 21፣ ልዩነቱ 29። አሁን ልዩነቱን ያመጣው አናት ላይ የወጣው መስመር መሆኑን አወቅን።

ስልክ ግን ሽያጭ አይደለም። ከ41ዱ 13 ገዙ፣ ከ70ው 21። ከመቶ ሲሰላ ሁለቱም 30 አካባቢ ናቸው፤ አዲሱ ርዕስ የማይገዛ ሰው አልሰበሰበም ማለት ነው። 70 ደውለው 9 ብቻ ቢገዙ ኖሮ ርዕሱ ሱቁ የማይሰጠውን ነገር ቃል ገብቷል ብዬ እጠረጥር ነበር። እንዲያውም ካልገዙት መሃል ጥቂቶቹ ከሌላ ሱቅ የገዙትን ያረጀ ቬንቲሌተር ተሸክመው መጥተዋል፤ «ቀይሩልን» እያሉ። በሚቀጥለው ወረቀት ከርዕሱ ፊት የጨመርነው «ከእኛ የገዙት» የሚለውን ብቻ ነው።