የማሽን ጽሑፍ በሌላ አገላለጽ ሲጻፍ መለያው የሚስተው ለምንድን ነው? ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

የማሽንን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ የሚለየው መለያ ሶፍትዌር ከቋንቋ ሞዴል በቀጥታ የወጣን ጽሑፍ በደንብ ይይዛል፤ ያው ጽሑፍ ሐሳቡ ሳይለወጥ በሌላ ሞዴል ተመልሶ ሲጻፍ ግን የሰው ነው ብሎ ያሳልፈዋል። በ2023 ይፋ የሆነው ዲፐር የተባለ መልሶ ጻፊ ሞዴል ዲቴክትጂፒቲ የተሰኘው መለያ የማሽንን ጽሑፍ የመያዝ አቅሙን ከ70.3 በመቶ ወደ 4.6 በመቶ አውርዶታል።

ችግሩ ይኸው መሆኑን ለማረጋገጥ በመጀመሪያ መለያው አንድን ጽሑፍ የማሽን ነው የሚልበትን የመቁረጫ ነጥብ በሰው ጽሑፎች ብቻ ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከ1000 የሰው ጽሑፎች ከ10 የማይበልጡት በስህተት እንዲያዙ ያድርጉ። ከዚያ ነጥቡን ሳይነኩ የማሽኑን ጽሑፎች መልሶ ከመጻፉ በፊትና በኋላ ይፈትኗቸው። የመጀመሪያዎቹ ተይዘው የኋለኞቹ ካመለጡ ምክንያቱ መልሶ መጻፉ ነው።

ምክንያቱ

ዲቴክትጂፒቲ የሚመረምረው የጽሑፉን ሐሳብ ሳይሆን የቃላቱን ምርጫ ነው። ሞዴል የሚጽፈው በራሱ ግምት ከፍተኛ ዕድል ያላቸውን ቃላት እየመረጠ ስለሆነ፣ ከጽሑፉ ጥቂት ቃላት ሲቀየሩ ሞዴሉ ለጽሑፉ የሚሰጠው ዕድል ጎልቶ ይቀንሳል፤ በሰው ጽሑፍ ላይ ይህ ቅነሳ ያን ያህል አይታይም። መልሶ ጻፊው ቃላቱን ሲተካና ዓረፍተ ነገሮቹን ሲያፈራርቅ ይህ ልዩነት ይደበዝዛል። በምሳሌ የሰለጠኑ መለያዎችም ቢሆኑ ተመልሶ የተጻፈ ጽሑፍ በሥልጠናቸው ካላዩ በቀላሉ ይታለላሉ።

መፍትሄው

ብዙዎች በቅድሚያ የሚሞክሩት የመቁረጫ ነጥቡን ማላላት ነው። ይህ ያመለጡትን በከፊል ቢመልስም በራሳቸው እጅ የጻፉ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው እንዲጠረጠሩ ስለሚያደርግ ፈጽሞ አልመክረውም።

የሚሻለው መለያውን ከአጥቂው፣ ማለትም ከመልሶ ጻፊው ሞዴል፣ ጋር እያፎካከሩ እንደገና ማሰልጠን ነው። ራዳር የተባለው ዘዴ፣ እሱም በ2023 የቀረበ፣ ሁለት ሞዴሎችን አብሮ ያሰለጥናል፦ መልሶ ጻፊው መለያውን ባታለለ ቁጥር ይሸለማል፤ መለያው ደግሞ የሰውን፣ የማሽኑን እና መልሶ ጻፊው ያወጣውን ጽሑፍ አንድ ላይ እያየ ይማራል። ጥቃቱ በየዙሩ ስለሚረቅ መለያው አንድን ቋሚ የአጻጻፍ ዘዬ ሸምድዶ ሊያልፍ አይችልም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ለሚደረገው ፈተና ቢያንስ አንድ በሥልጠናው ያልተካፈለ መልሶ ጻፊ ያስቀሩ። በሚያውቀው አጥቂ ላይ ጎበዝ ሆኖ በዚህኛው ላይ የሚወድቅ መለያ የለመደው የዚያን አንድ መሣሪያ ዱካ ብቻ ነው። የሰው ጽሑፎችንም በዚያው መሣሪያ መልሰው ጽፈው ይፈትኑ፤ በብዛት ከተያዙ መለያው የተማረው ጽሑፉን በመጀመሪያ ማን እንደጻፈው ሳይሆን መሣሪያ እንደነካው ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የሰው ይባል ወይስ የማሽን የሚለውን ከሥልጠናው በፊት መወሰን ያለበት የመለያው ባለቤት ነው፤ ውሳኔው ከሌለ የሥልጠና ምሳሌዎቹን በትክክል መሰየም አይቻልም።