ጭረትና ቅስት የሚሉት፣ የማይሉት፦ የጂኦሜትሪ ሥዕል ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጎነ ሦስት ሀለመ ተሥሏል እንበል። ጫፉ ሀ ሲሆን መሠረቱ ለመ ነው፤ ከሀ የወረደ መስመርም መሠረቱን ረ ላይ ያገኘዋል። በጎን ሀለ እና በጎን ሀመ ላይ አንዳንድ ጭረት ተደርጓል፤ ከዚህ ሌላ ምልክት የለም። ጥያቄው ሀለረ እና ሀመረ ልክክ ናቸው ወይ፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ ቢነባበር ያለ ትርፍ ይገጥማል ወይ የሚል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ዓይንን ማመን ነው። ሠዓሊው ረን ከመሠረቱ መሐል ያኖረው ሥዕሉ እንዲያምር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በማስመሪያ ለክቶ «ለረ ከረመ ጋር እኩል ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ምልክት ከሌለው ሥዕል በልማድ የምንወስደው የነጥቦችንና የመስመሮችን አቀማመጥ ነው፦ ለ፣ ረ እና መ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንዳሉ፣ ረም በለ እና በመ መካከል እንደሚገኝ። ከዚህ ተነስተን በረ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው ማለት እንችላለን፤ እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ናቸው ማለት ግን አንችልም።

ሁለተኛው ስህተት ጠንቃቃውን ተማሪ ጭምር ስለሚያታልል ሰፋ አድርገን ልናየው ይገባል። ይህ ተማሪ ዓይኑን ሳይሆን ምልክቱን ይከተላል። ጭረቶቹ ሀለ ከሀመ ጋር እኩል መሆኑን ነግረውታል። ሁለት ጎኖቹ እኩል በሆኑ ጎነ ሦስት ውስጥ የመሠረቱ ማዕዘኖች እኩል ስለሚሆኑ፣ በለ እና በመ ላይ ያሉት ማዕዘኖች እኩል ናቸው ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ሀረ ለሁለቱም የጋራ ጎን ስለሆነ ጭረት ሳያስፈልገው ከራሱ ጋር እኩል ነው ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ከዚያ ሦስት እኩልነቶች ስለተሟሉለት «ልክክ ናቸው» ብሎ ይደመድማል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንፈትነው። ሀለ እና ሀመ 10 ሴንቲ ሜትር፣ መሠረቱ ለመ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ የሀ ከፍታ ከመሠረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን ረን ከለ 4 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እናስቀምጠው። ረመ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሀረም ርዝመት የ68 ካሬ ሥር፣ ማለትም 8.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪው የቆጠራቸው ሦስት እኩልነቶች አንድም ሳይጎድል ተሟልተዋል፤ ነገር ግን የአንደኛው ጎነ ሦስት ስፋት 16፣ የሁለተኛው ደግሞ 32 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ምክንያቱ ማዕዘኑ በሁለቱ እኩል ጎኖች መካከል አለመሆኑ ነው፤ በለ ላይ ያለው ማዕዘን ከሀረ ፊት ለፊት እንጂ በሀለ እና በሀረ መካከል አይደለም። እንግዲህ እኩልነቶቹን መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የት እንደተቀመጡም ማየት ያሻል።

መልሱን የሚለውጠው አንድ ተጨማሪ ምልክት ነው። በሀ ላይ ሀረ የከፈላቸው ሁለት ማዕዘኖች አንዳንድ ቅስት ቢኖራቸው፣ ወይም ለረ እና ረመ ሁለት ሁለት ጭረት ቢደረግባቸው፣ ወይም በረ ላይ የ90 ዲግሪን ማዕዘን የሚያመለክተው ትንሽ ካሬ ቢሣል ልክክነቱ ይረጋገጣል። በለ እና በመ ላይ ቅስት ቢጨመር ግን ምንም አዲስ ነገር አናገኝም፤ ያ እኩልነት ከጭረቶቹ አስቀድሞ ወጥቷልና።

ቅስት ሲነበብ ደግሞ ከየትኛው መስመር ተነስቶ የትኛው ላይ እንደሚያበቃ በጣት መከተል ይበጃል። በሀ ላይ ያለው ቅስት ከሀለ እስከ ሀመ ከተዘረጋ የሚናገረው ስለ ሙሉው ማዕዘን ነው፤ በሀረ ላይ ካቆመ ስለ ግማሹ ሳይሆን ስለ ክፋዩ ብቻ ነው (ግማሽ መሆኑን ገና አላወቅንም)። በተጨማሪም ከአጠገቡ ቁጥር ወይም ፊደል የተጻፈበት ቅስት ብዙ ጊዜ «ይህ ቁጥር የዚህ ማዕዘን ነው» ብሎ ከመጠቆም አያልፍም። በአንዱ ማዕዘን ላይ 40፣ በሌላው ላይ x ተጽፎ ሁለቱም ነጠላ ቅስት ቢኖራቸው፣ x 40 ነው ብሎ መቸኮል አይገባም፤ የጥያቄው ጽሑፍ እኩልነቱን መናገሩን አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

የጭረት ብዛትን እንደ መጠን ማንበብም ስህተት ነው። ባለ ሁለት ጭረት ጎን ከባለ አንድ ጭረቱ እጥፍ አይደለም፤ ብዛቱ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር መለያ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የተለያየ ብዛት አለመተካከልን አያረጋግጥም። በአንድ ጎነ አራት ሁለት ትይዩ ጎኖች አንዳንድ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ጭረት ቢኖራቸውና በኋላ አራቱም ጎኖች 5 ሴንቲ ሜትር ሆነው ቢገኙ፣ ከምልክቶቹ አንዱም ሐሰት አልተናገረም።