የሰኔ 30 ቆጠራ ከመዝገቡ ሲበልጥ፦ ደረሰኙ የየትኛው ወር ነው?

ምልክቱ

አንድ የሴራሚክ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የበጀት ዓመቱን ስንዘጋ የገጠመን ነገር ነው። ሰኔ 30 ስንቆጥር መጋዘኑ ውስጥ 1,530 ካርቶን አገኘን። መዝገቡ የሚለው ግን 1,150 ነው። 380 ካርቶን ትርፍ አለ። የአንዱ ካርቶን መግዣ ዋጋ ያለ ቫት 1,000 ብር ነው።

ዕቃ ሲጎድል ሁሉም ይደነግጣል። ሲተርፍ ግን ብዙ ሰው «ማስተካከያ» ብሎ ያልፈዋል፤ ዕቃውን ዴቢት፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪን ክሬዲት አድርጎ ይዘጋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሰኔ ትርፍ በአንድ ጊዜ በ380,000 ብር ያድጋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከዕቃው ከፊሉ ሁለተኛ ጊዜ መዝገብ ይገባል፤ የቀረው ከመዝገብ ሳይቀነስ ይወጣል። በሐምሌ 30 ቆጠራ 380 ካርቶን «ጠፋ» ይባላል፤ የሚጠየቀውም ምንም ያላጠፋው ስቶር ኪፐር ነው።

ምክንያቱን ማግኘት

ደረሰኞቹን ወደ ጎን አድርጉና የመጋዘኑን ሰነዶች አውጡ። ከሰኔ 30 በፊትና በኋላ ያሉትን አሥር አሥር የዕቃ መረከቢያና የዕቃ ማውጫ ሰነዶች ያዙ። ከእያንዳንዱ ጋር ደረሰኙን አያይዙና ሁለቱ በየትኛው ወር እንደተመዘገቡ እዩ። ወሩን የሚወስነው በአብዛኛው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ቀን ነው። በደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ወረቀቱ የተጻፈበትን ጊዜ ብቻ ይነግራችኋል።

እኛ ሁለት ነገር አገኘን። 300 ካርቶን ሰኔ 29 መጋዘን ገብቷል፤ የአቅራቢው ደረሰኝ ግን የተጻፈው ሐምሌ 3 ነው። ሒሳብ ክፍል ደረሰኙን ጠብቆ ሐምሌ ላይ ሊመዘግበው ነበር።

የቀረው 80 ካርቶን በተቃራኒው ነው። የሽያጭ ደረሰኙ ሰኔ 30 ከማሽኑ ተቆርጧል፣ ደንበኛውም ከፍሏል። ዕቃው የወጣው ግን ሐምሌ 2 ነው። እንደ ፒችትሪ ያለ ሶፍትዌር ሽያጩን ስታስገቡ ዕቃውንም አብሮ ይቀንሳል። መዝገቡ «ወጥቷል» ሲል ካርቶኑ ገና መደርደሪያ ላይ ነው።

መፍትሄው

ለ300ው ካርቶን ደረሰኝ አትጠብቁ። በሰኔ 30 ቀን ዕቃ 300,000 ዴቢት፣ «ደረሰኝ ያልመጣለት ግዢ» የሚል ተከፋይ ሒሳብ 300,000 ክሬዲት አድርጉ። ትርፉ በአንድ ሳንቲም አይነካም። ቫቱን አታስገቡ፤ ያለ ደረሰኝ የግዢ ቫት መጠየቅ አይቻልም። ሐምሌ ላይ ደረሰኙ ሲመጣ ያንን ተከፋይ ሒሳብ 300,000 ዴቢት፣ የግዢ ቫት 45,000 ዴቢት፣ አቅራቢውን 345,000 ክሬዲት ታደርጋላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ደረሰኙን እንደ አዲስ ግዢ ያስገባና ዕቃውን በእጥፍ ያደርገዋል።

80ው ካርቶን በ1,300 ብር ሒሳብ ያለ ቫት 104,000 ብር ተሽጧል። ይህንን ከሰኔ ሽያጭ አውጡና የደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ አድርጉት። የተቀነሰውን የ80,000 ብር ዕቃም መልሱ፤ ዕቃ ዴቢት፣ የተሸጠ ዕቃ ወጪ ክሬዲት። የሰኔ ትርፍ በ24,000 ብር ይቀንሳል። ሐምሌ 2 ሁለቱንም መልሳችሁ ሽያጭና ወጪ ታደርጋላችሁ። ቫቱ 15,600 ግን አይንቀሳቀስም። ደረሰኙ ሰኔ ላይ ስለተቆረጠ በሰኔ ማስታወቂያ ይካተታል። ስለዚህ የሰኔ ቫት ማስታወቂያና የሰኔ ሽያጭ ሒሳብ በ104,000 ብር ይለያያሉ። ልዩነቱን በጽሑፍ አስረድታችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ኦዲተሩ መጠየቁ አይቀርም።

ደንበኛው ራሱ «መኪና እስካገኝ አቆዩልኝ» ብሎ ቢሆንስ? የገቢ አመዘጋገብ ዓለም አቀፍ ደረጃው አይኤፍአርኤስ 15 ሽያጩን በሰኔ መመዝገብን ይፈቅዳል፤ ግን ዕቃውን ለማቆየት እንደ ደንበኛው ጥያቄ ያለ በቂ ምክንያት መኖር አለበት፣ ዕቃው የእሱ ተብሎ ተለይቶ መቀመጥና ለርክክብ መዘጋጀት አለበት፣ ለሌላ ሰው ማዞርም የማይቻል መሆን አለበት። የእኛዎቹ 80 ካርቶኖች ከሌላው ጋር ተደባልቀው ነበር። ስለዚህ የሐምሌ ሽያጭ ናቸው።

ከውጭ በኤፍኦቢ የምታስመጡ ከሆነ መጋዘኑን ብቻ አትመኑ። በዚህ ውል ኃላፊነቱ ወደ ገዢው የሚያልፈው ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ሰኔ 20 የተጫነ ዕቃ ሰኔ 30 ባሕር ላይ ቢሆንም «በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ» ተብሎ በእናንተ መዝገብ ይገባል። ለዚህ የምታዩት የመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ያለውን የመጫኛ ቀን ነው።

በሚቀጥለው ቆጠራ ካርቶን መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት የመጨረሻውን የመረከቢያና የመጨረሻውን የማውጫ ሰነድ ቁጥር ቆጠራ ወረቀቱ ላይ ጻፉና ስቶር ኪፐሩን አስፈርሙ። ቆጠራው እስኪያልቅም ዕቃ አይግባ፣ አይውጣ።