«30 በመቶ ዲቪደንድ» ከምኑ ላይ ነው? የጀማሪ አክሲዮን ገዢ ስህተቶች

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዲቪደንድ፣ ኢኩቲ፣ ቡል ማርኬት የሚሉት ቃላት ደሴም የቡና ወሬ ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ቃላቱን በግምት ይዞ ነው።

ዲቪደንዱን፣ ማለትም ከትርፍ ለባለአክሲዮን የሚከፋፈለውን ገንዘብ፣ በከፈሉት ገንዘብ ላይ ማስላት። በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እንውሰድ። አክሲዮኑ ሲወጣ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ነው። እሱ ግን ከሌላ ባለአክሲዮን በ1,600 ብር ሒሳብ 50 ገዛ፤ 80,000 ብር ወጣው። ባንኩ «30 በመቶ ዲቪደንድ» ሲል ነጋዴው 24,000 ብር ጠበቀ። እኛ አገር እንዲህ ያለው መቶኛ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ ለአንዱ 300፣ ለሃምሳው 15,000 ብር ይደርሰዋል። ካወጣው ገንዘብ አንጻር 19 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ግብርም ገና ይቀነስበታል። ከመግዛትዎ በፊት በብር ይጠይቁ፦ «ለአንድ አክሲዮን ስንት ብር ተከፈለ?» ያንን እርስዎ ለሚከፍሉት ዋጋ ያካፍሉ።

ዲቪደንድን እንደ ወለድ ማየት። ወለድ አስቀድመው የተዋዋሉት ነው። ዲቪደንድ ግን ትርፍ ሲገኝ፣ ያውም ጠቅላላ ጉባኤው ይከፋፈል ሲል ነው የሚመጣው። አትርፎም ገንዘቡን ካፒታል ለማሳደግ የሚያውለው ድርጅት ብዙ ነው። «ታዲያ ሐላል ነው?» የሚለው የወሎ ጥያቄ ግን በዚህ ብቻ አይመለስም፤ ድርጅቱ ራሱ በምን እንደሚነግድ መታየት አለበት።

ኢኩቲን ከጠቅላላ ሀብት ጋር መደባለቅ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ 100 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ንብረት አለው እንበል። ዕዳው 70 ሚሊዮን ከሆነ የባለቤቶቹ ድርሻ 30 ሚሊዮን ነው፤ ኢኩቲ የሚባለው እሱ ነው። አንድ በመቶ አክሲዮን ያለው ሰው በመዝገብ ድርሻው 300,000 ብር እንጂ አንድ ሚሊዮን አይደለም። ንብረቱ በ30 ሚሊዮን ከረከሰ ደግሞ ዕዳው ንቅንቅ ሳይል የባለቤቶቹ ድርሻ ዜሮ ይገባል። ለአክሲዮን የከፈሉትን ገንዘብ እንደ ቁጠባ ሄደው «መልሱልኝ» አይሉትም። ገዢ መፈለግ ግድ ነው።

አንድ አክሲዮን ስለተወደደ «ቡል ማርኬት ነው» ማለት። ቡል ማርኬት የሚባለው በገበያው የአብዛኛው አክሲዮን ዋጋ ለረዘም ጊዜ ሲጨምር ነው። ብዙ ግብይት በሌለበት ገበያ ጥቂት አክሲዮን በውድ ቢሸጥም የሚታየው ዋጋ ዘሎ ያድራል። እርስዎ 500 ይዘው ሲቀርቡ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን ሲሰሙ በዚያ ዋጋ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠም ይጠይቁ።