የቲማቲም የታች ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ጓሮዎችም ሆነ በጣና ዳር የመስኖ ማሳዎች ቲማቲም ከታች ጀምሮ ቢጫ መሆን ሲጀምር አብዛኛው ሰው እጁን የሚሰድደው ወደ ዩሪያ ከረጢት ነው። አንዳንዱ ውሃ ጠምቶታል ብሎ የውሃ ጎማውን ይከፍታል፤ ሌላው መርጫውን ያዝላል። ሦስቱም አንዳንድ ጊዜ ትክክል ይሆናሉ። ችግሩ ሦስቱም የሚወሰኑት ቀለም ታይቶ ብቻ መሆኑ ነው፤ ረሃብም፣ የውሃ ብዛትም፣ በሽታም የታችኛውን ቅጠል ቢጫ ያደርጋሉ። የሚለያያቸው ቢጫው በቅጠሉ ላይ የያዘው ቅርጽ፣ ከግንዱ ሥር ያለው አፈርና የሥሩ መልክ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ከመንገድ ይውጣ። ፍሬ የያዘ ተክል ከታች ያሉት ሁለት ሦስት ቅጠሎቹ ጥላ ውስጥ ገብተው ቢጫ ቢሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ግን ለምለም ከሆነ፣ ያ እርጅና ነው። ቅጠሎቹን ቆርጦ መጣል ይበቃል።

ቢጫ በታየ ቁጥር ዩሪያ መስጠት

እውነተኛ የናይትሮጅን እጥረት የራሱ መልክ አለው። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች እየነጠቀ ለአዲሶቹ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገረጡት የታችኞቹ ናቸው። ቅጠሉ የሚገረጣው እኩል ነው፤ ጅማቱም ሥጋውም አብሮ ይነጣል፤ ነጠብጣብ የለውም። ላይ ያሉት ቅጠሎችም ቢሆኑ ቀለማቸው ፈዘዝ፣ መጠናቸው አነስ ያለ ነው፤ ግንዱም ይቀጥናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እጥረት ተክል አይመርጥም። መደቡ ሁሉ በአንድነት ይገረጣል እንጂ አንዱ ችግኝ ለምልሞ ጎረቤቱ ቢጫ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሲታይም እንኳ መደቡን በሙሉ ከማልበስ በፊት አምስት ወይም ስድስት ተክል ላይ መሞከር ብልህነት ነው። ለአንድ ተክል አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ፣ እርጥበት ባለው አፈር ላይ ጨምሮ መሸፈን ነው። አፈር ላይ ተበትኖ የቀረ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በጋዝ መልክ ወደ አየር ይሄዳል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ጠቆር ካሉ እጥረት ነበር ማለት ነው። መታየት ያለበት አዲሱ ቅጠል ነው፤ ክፉኛ የገረጣው የታችኛው ቅጠል ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመለስ የሚጠብቅ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ማንኪያ ለመጨመር ይፈተናል።

የላዩን አፈር አይቶ ማጠጣት

በአካባቢያችን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የውሃ ብዛት ራሱን የናይትሮጅን እጥረት አስመስሎ ይመጣል። ሥር የሚሠራው በአየር ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ አጠገቡ ያለውን ማዳበሪያ እንኳ መሳብ ያቅተዋል። በዚያ ላይ በረግረግ አፈር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል፤ ውሃው ወደ ታች በሚሰርግበት አፈር ደግሞ ታጥቦ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ተክሉ በእርግጥም ናይትሮጅን ተርቧል፤ ያስራበው ግን ውሃው ነው።

የጣና ዳርቻና የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ነገሩን ያብሰዋል። በበጋ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ግን ውሃ ይዞ ይቆያል። ዓባይ ማዶ ያለች አንዲት ጎረቤቴ ከቤቷ ጀርባ በሁለት መደብ ላይ 40 ያህል ችግኝ በኅዳር ተክላ ነበር። በየምሽቱ በጎማ ታጠጣለች። በአራተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ዩሪያ ሰጠች፤ ባሰባቸው፤ ደገመች።

«እትዬ፣ ውሃውን ቀነስ ብናደርገውስ?» ብላት፣

«ምን ነካህ ልጄ፣ መሬቱ እኮ ተሰነጣጥቋል! በጠራራው ሲጠወልግም እያየኸው!» አለችኝ።

መሬቱ በእርግጥ ተሰነጣጥቋል። ከተክሉ አንድ ስንዝር ራቅ ብለን በመቆፈሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንወርድ ግን የወጣው አፈር በመዳፍ ሲታሽ እንደ ሊጥ እየተሳበ የሚያብለጨልጭ ነበር። እንዲህ የሚጠቀለል አፈር ውሃ አይፈልግም። ፍርክስ የሚል ከሆነ ይፈልጋል። ሌሎቹ ምልክቶችም እዚያው ነበሩ። ቅጠሎቹ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በማለዳ፣ አገዳቸው ወደ ታች ታጥፎ ተንጠልጥለዋል። በውሃ ጥም የሚጠወልግ ቲማቲም በማለዳ ይነቃል፤ በውሃ ብዛት የተጎዳው ግን በማለዳም ያዘነበለ ነው። ግንዱ ከአፈር በላይ ባለው ጣት በሚያህል ክፍል ላይ ነጫጭ ትንንሽ እብጠቶች አውጥቷል፤ ከታች አየር ሲያጣ ከላይ ሥር ለማብቀል የሚሞክርባቸው ናቸው። በጣም የተጎዳውን አንዱን ተክል መዘዝነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ሲጎተት የማይላጥ ነው። ይኼኛው ቡናማ ነበር፤ በሁለት ጣት ይዘን ስንስበው ቅርፊቱ ወልቆ መሐሉ እንደ ክር ቀረ፤ የረግረግ ሽታም ነበረው።

መድኃኒቱ አለማጠጣት ነበር፤ ለእሷ ግን ዩሪያ ከመስጠት ይልቅ ይህ ከበዳት። በመደቦቹ መካከል ያለውን ቦይ አጥልቀን ውኃው ወደ አጥሩ እንዲወርድ አደረግን። የላዩን አፈር በስሱ ኮተኮተችው። ውኃው ለስምንት ቀን ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የምታጠጣው በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር መጠቅለል ሲያቆም ብቻ ሆነ። ለጥቁር አፈርዋ ይህ በየአምስትና ስድስት ቀኑ ማለት ሆኖ ተገኘ፤ ቀይ አፈር ላይ ቢሆን በተደጋጋሚ ማጠጣት ባስፈለገ ነበር። አዲስ ነጭ ሥር መታየት ከጀመረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ ዩሪያ ሰጠች፤ ታጥቦ የሄደው መተካት ነበረበት፤ አሁን ደግሞ የሚስበው ሥር አለ። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱ። ሥራቸው ሙሉ በሙሉ የበሰበሰው ጥቂት ችግኞች ግን አልተረፉም።

በክረምት ጥፋቱ የአጠጪው አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናብ ዝቅ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ቲማቲም መትከል፣ ከፍ ያለ መደብ ካልተሠራ በስተቀር፣ ራሱ ስህተት ነው።

ጅማቱን ሳያዩ መወሰን

ቅጠሉን ወደ ብርሃን ማንሳት ነው። ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ሥጋ ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ ይህ ማግኒዥየም እንጂ ናይትሮጅን አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ፍሬው መክበድ ሲጀምር ነው። ገበያ ላይ ያለው ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ማግኒዥየም የላቸውም፤ ስለዚህ የቱንም ያህል ቢጨመሩ አይፈውሱትም። 10 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ ወደ ምሽት ቅጠሉ ላይ መርጨት ይረዳል። ቢጫነቱ ከጠርዝ ጀምሮ ጠርዙ እንደተቃጠለ ከደረቀ ደግሞ የፖታስየም እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ዩሪያ በበዛበት ተክል ላይም ተመሳሳይ መቃጠል ይታያል፤ ስለዚህ በቅርቡ ምን እንደተሰጠ መጠየቅ ይቀድማል።

ነጠብጣብን በማዳበሪያ ማከም

የምግብ እጥረት ክብ ነጠብጣብ አይሠራም። ቢጫ በሆነው ቅጠል ላይ ቡናማ ክቦች ካሉ፣ በውስጣቸውም አንዱ በሌላው ውስጥ የተከበቡ ቀለበቶች ከታዩ፣ አልተርናሪያ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ቢጫው ክቡን ከብቦት የሚሰፋ ነው። ክቦቹ ትንንሽና ብዙ፣ መሐላቸው ግራጫ፣ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ ከሆነ፣ በመሐላቸውም የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሴፕቶሪያ ነው። ሁለቱም ከታች የሚጀምሩት ተክሉ ስለተራበ አይደለም፤ ዝናብ ወይም ጎማ አፈሩን ሲመታው ፈንገሱ ከአፈሩ ጋር ተፈናጥሮ የሚያርፈው በቅርቡ ባለው ቅጠል ላይ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፍንጣሪውን ማቋረጥ ነው። ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት ከመሬት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያሉትን ቅጠሎች ቆርጦ ከማሳው ማውጣት፤ ተክሉን በእንጨት ደግፎ ማቆም፤ ውሃውን በቦይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አለማፍሰስ። ፎገራ ላይ የሩዝ ጭድ እንደ ልብ ነው፤ ከግንዱ ሥር በስሱ ቢነጠፍ ፍንጣሪውን ያስቀራል። ዋልካ ላይ ግን ጭዱ እርጥበቱን ስለሚያቆይ የማጠጫውን ቀን ማራቅ ግድ ይላል። ማንኮዜብን የሚረጩ ሰዎች የተበላሸው ቅጠል ድኖ እንዲያዩት ይጠብቃሉ፤ ማንኮዜብ ግን ጤነኛውን ቅጠል የሚከላከል እንጂ የታመመውን የሚያድን አይደለም። ቅጠሉ ተቆርጦ ከተጣለ በኋላ ለቀረው መርጨት ነው፤ ከመርጨት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበትን ቀን ማሸጊያው ላይ ማንበብና ማክበርም ይገባል።

ግንዱን ሳይሰነጥቁ ተስፋ ማድረግ

ቢጫነቱ በተክሉ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ አንዳንዴም በአንድ ቅጠል ላይ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሐሳቡ ከውሃና ከማዳበሪያ መውጣት አለበት። ከመሬት አጠገብ ያለውን ግንድ በቢላ ወደ ላይ ሰንጥቆ ከቅርፊቱ ሥር መመልከት ነው። ቡናማ መስመር ወደ ላይ ከወጣ በአብዛኛው ፉዛሪየም ነው። ከአፈር የሚገባ ፈንገስ ስለሆነ ርጭት አይደርስበትም፤ ለዓመታትም በአፈሩ ውስጥ ይቆያል። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፣ ቦታውን ለበቆሎ ወይም ለጤፍ መስጠት፣ ለሚቀጥለው ደግሞ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ ነው ያለው አማራጭ።

ባክቴሪያ አጠውልግ ደግሞ ቢጫ ለማድረግ እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ አረንጓዴ እንደሆነ በቀናት ውስጥ ይጥለዋል። ለማረጋገጥ የግንዱን ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ መንከር ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቁራጩ ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው። በዚያ ቦታ ቲማቲም ብቻ ሳይሆን ድንችና በርበሬም ለጊዜው መቅረት አለባቸው። የተቆረጠበት ቢላ ወደ ሌላው ተክል ከመሻገሩ በፊት በበረኪና መታጠብ አለበት፤ ከታመመው መደብ የሚወጣው የቦይ ውኃም ወደ ጎረቤት ማሳ መለቀቅ የለበትም።