«ያስችል ዘንድ» ወጥቶ ደብዳቤው አጠረ

ፒያሳ ያለ የሕንፃ አስተዳደር ለተከራዮች ያረቀቀው ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «በሊፍቱ ላይ ጥገና ለማካሄድ ያስችል ዘንድ የክፍያ አፈጻጸም እንዲከናወን እንጠይቃለን።»

ዓላማውን «ለማካሄድ» ላይ ያለችው «ለ» ብቻዋን ስለተናገረች «ያስችል ዘንድ» ትርፍ ነው። ዎርድ ላይ ፈልጎ ማጥፋት ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ «ጥገና ለማካሄድ» እንዳለ ይቀራል። ዋናው ግሥ «ጥገና» ውስጥ ስለተደበቀ «ለመጠገን» ብሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ያኔ «በሊፍቱ ላይ» የሚለውም «ሊፍቱን» ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

«የክፍያ አፈጻጸም እንዲከናወን» ወደ «እንዲከፈል» ቢያጥርም ከፋዩ አይታወቅም። ስለዚህ የተስተካከለው ዓረፍተ ነገር፦ «ሊፍቱን ለመጠገን ድርሻዎን እንዲከፍሉ እንጠይቃለን።»

ደብዳቤው ላይ ከታች ያለው «የመጀመሪያ ዙር ክፍያ» አልተነካም፤ እዚያ «ክፍያ» የገንዘቡ ስም እንጂ የተደበቀ ግሥ አይደለም።