የእግር ደም ስር ጎልቶ ሲታይ፦ ሸረሪት ድር፣ ቫሪኮስ ወይስ የቁስል ዋዜማ?

እግሩ ላይ የተጠማዘዘ ደም ስር የወጣበት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ደም ስሩ ላይ ነው። ቁስል ሊመጣ መሆኑን ቀድሞ የሚያሳየው ግን ቆዳው ነው፤ በተለይም ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ከፍ ብሎ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ። ስለዚህ ምርመራው ከዚያ ይጀምር። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆመው፣ በቂ ብርሃን ባለበት ሁለቱንም እግሮች ያወዳድሩ። ተኝተው ካዩ ደም ስሮቹ ስለሚጎድሉ ያለው ችግር ሊሰወር ይችላል።

ምልክት፦ ቀጫጭን ቀይ ወይም ሐምራዊ መስመሮች

ውፍረታቸው ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፤ ጣት ሲያልፍባቸው አይቆረቁሩም። ቆዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ደም መላሾች ሰፍተው የሚፈጠሩ ሲሆን ዘር፣ እርግዝና፣ ሆርሞንና ዕድሜ ያመጧቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለሌላቸው ሕክምና ግድ አይደለም። መልካቸው ካስጨነቀ፣ የደም ስሩን ውስጠኛ ግድግዳ አስቆጥቶ የሚያጣብቅ መድኃኒት በቀጭን መርፌ ይሰጣል፤ ሳምንታት እየተቆጠሩ ከአንድ ጊዜ በላይ መወጋት የተለመደ ነው። የሚቀባ ክሬም አያጠፋቸውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህን ማረጋገጫ እንሰርዛለን። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በታች፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ከታዩ፣ ነገሩ የመልክ አይደለም። እዚያ የቆየ ከፍተኛ ግፊት እንዳለ ያመለክታሉ፤ በአልትራሳውንድ መታየት አለባቸው።

ምልክት፦ ገመድ የመሰለ፣ ያበጠና የተጠማዘዘ ደም ስር

ቆመው ሲለካ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቫሪኮስ ይባላል። ተኝተው እግሩን ከፍ ሲያደርጉት ይጎድላል። ወደ ማታ እግር ይከብዳል፣ ያሳክካል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የካልሲ ጠርዝ ምልክት ትቶ ያብጣል።

መንስኤው የደም መላሽ ቫልቮች አለመዘጋት ነው። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት አካባቢ የደም መላሹ ግፊት ወደ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ሲራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫልቮቹ ጤነኛ ከሆኑ ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። ቫልቩ ካልገጠመ ግን የወጣው ደም ተመልሶ ይወርዳል፤ ሰውየው እየተራመደም ግፊቱ የሚገባውን ያህል አይቀንስም። ያበጠው ገመድ የዚህ ውጤት እንጂ ምንጩ አይደለም፤ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ጭን ወይም ብሽሽት አጠገብ ይገኛል። የሚታየውን ብቻ አስወግዶ ምንጩን መተው ሌላ ገመድ እስኪወጣ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዶፕለር አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ ለቫሪኮስ ሲሆን ታካሚው ቆሞ መመርመር አለበት። ከቆዳ ሥር ባለው ደም መላሽ ውስጥ ደሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ከፈሰሰ ቫልቩ ከሽፏል። መፍትሄው ያንን ደም ስር በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ መዝጋት ነው። ደሙ በጥልቀት ባሉት ጤነኛ ደም ስሮች ይመለሳል።

የመጭመቂያ ካልሲ ቫልቭ አይጠግንም፤ እብጠትና ክብደት ግን ይቀንሳል። "አልሠራልኝም" የሚባለው ብዙ ጊዜ እግር ካበጠ በኋላ ተለክቶ ስለሚገዛ ወይም ከሰዓት በኋላ ስለሚጠለቅ ነው። ልኬቱ ጠዋት፣ ቁርጭምጭሚቱ በጠበበበት ቦታ ይወሰድ፤ ካልሲውም ከአልጋ ሳይወረድ ይጠለቅ። ላይኛው ጠርዝ ወደ ታች ከተጠቀለለ እንደ ማሰሪያ ስለሚያንቅ ወዲያው ይስተካከል።

ምልክት፦ የቁርጭምጭሚት ቆዳ መለወጥ

ቫሪኮሱ ጎልቶ ባይታይም ይህ ደረጃ ሊመጣ ይችላል። ግፊቱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጥቃቅን ደም ስሮች ያስወጣል፤ ከእነሱ የሚቀረው ብረት ቆዳውን ቡናማ ያደርገዋል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቡናማው ላይለይ ስለሚችል፣ ከሌላው ይልቅ የጠቆረና የሚያብለጨልጭ ቦታ ይፈልጉ። ቀጥሎ የሚያሳክክና የሚላጥ ችፌ ይመጣል፤ ከዚያ ቆዳው እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ከባቱ በታችም እግሩ ይቀጥናል። እዚህ ላይ ቁስል ለመክፈት ትንሽ ጭረት ይበቃል።

የተለመደው ስህተት ችፌውን ፈንገስ፣ መቅላቱን ደግሞ ኢንፌክሽን ብሎ በአንቲባዮቲክ መመላለስ ነው። የቆዳ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ላይ በቀናት ውስጥ ይነሳል፤ ትኩሳትና ሙቀትም ይኖረዋል። ሁለቱም እግሮች ለወራት ከቀሉ ጥፋቱን ደም መላሹ ላይ መጠርጠር ይቀላል።

አንድ ምሳሌ ከመነሻው

የ52 ዓመት ሴት፣ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ያስቆማታል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ከውስጥ በኩል ለዓመታት ጠቁሯል። ነፍሳት ነክሷት ያከከችው ቦታ 5 ሳምንት አልዳነም፤ 4 በ3 ሴንቲሜትር ነው፣ ጠርዙ ወጣ ገባ፣ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ፈሳሹ ብዙ። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የታችኛው እግር ቁስል በባለሙያ መመርመር ስላለበት ጊዜው አልፏል።

ሕክምናው የሚጨምቅ ፋሻ ነው፤ ከመጠቅለሉ በፊት ግን የደም ቅዳው ግፊት ይለካል። በቁርጭምጭሚቷ የተገኘው ግፊት 133፣ በክንዷ 140 ነው፤ 133 ለ140 ሲካፈል 0.95 ይሆናል። ደም ወደ እግሯ በደንብ ይደርሳል ማለት ነው፤ ጠንካራ ፋሻ ይፈቀዳል። ውጤቱ ከ0.8 በታች ቢሆን ኖሮ ጠንካራው ፋሻ ያለ ስፔሻሊስት አይታሰብም፤ በቂ ደም የማያገኝ እግር ሲታሰር ሕብረ ሕዋሱ ይሞታል። ከ1.3 በላይ የሆነ ውጤትም አያስተማምንም፤ በተለይ በስኳር ታማሚዎች ደም ቅዳው ደርቆ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ቁስሉ በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ የማይጣበቅ ሽፋን ይደረግበታል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ወደ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚጨምቅ ባለ ብዙ ንብርብር ፋሻ ከእግር ጣቶች ሥር እስከ ጉልበት በታች ይጠቀለላል። ሥራውን የሚሠራው ፋሻው ነው፤ ከላይ የሚቀባ ቅባት ሁሉ ጭማሪ ነው። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ወዲያው ይፈታል። በ4 ሳምንት ቁስሉ 3 በ2 ቢሆን ስፋቱ ከ12 ወደ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ወርዷል፤ መንገዱ ትክክል ነው። እምብዛም ካልጠበበ ፋሻው እየላላ እንደሆነ ይታይ፤ በ12 ሳምንት ያልዳነ ደግሞ ካንሰርን ለማጣራት ናሙና ይወሰድለት። ቫልቩ የከሸፈው ደም ስር ቁስሉ እስኪድን ሳይጠበቅ ይዘጋል፤ በ2018 በታተመ ጥናት ቶሎ ከታከሙት ግማሾቹ በ56 ቀን ውስጥ ሲድኑ፣ ሕክምናው ከዘገየባቸው ግማሾቹ እስኪድኑ 82 ቀን ፈጅቷል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ

አንድ እግር ድንገት አብጦ ባት ከታመመ በጥልቅ ደም መላሽ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ በዚያው ቀን ይመርመር። የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ሕመም ከታከለ አምቡላንስ ይጠራ።

ቫሪኮስ ተበጥሶ ከደማ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መጫን አይሆንም። ወዲያው ይተኙ፣ እግሩን ከልብ በላይ ያንሱ፣ በንጹህ ጨርቅ ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ይጫኑ። ከላይ በገመድ ማሰር ደም መላሹን ብቻ ዘግቶ መድማቱን ሊያባብሰው ይችላል። ደሙ ቢቆምም ቦታው በባለሙያ ይታይ፤ ያው ስስ ቆዳ ዳግም ሊደማ ይችላል።